ከሰኞ እስከ ዓርብ 900 ብር

የቤት ምሳ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ወይም ታትሞ ከሕንጻው ጥበቃ ጠረጴዛ አጠገብ ይለጠፋል። የሳምንቱን ምግብ፣ ዋጋውንና የማዘዣውን ሰዓት ይዘረዝራል። ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋ ተራ ባሉት ቢሮዎች ለሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ቢወጣ ይህን ሊመስል ይችላል፦

የቤት ምሳ ቢሮዎ ድረስ!
ሰኞ፦ ቀይ ምስር ወጥ በዘይት፣ ጎመን፣ ሰላጣ
ማክሰኞ፦ የበሬ ቀይ ወጥ ከአይብ ጋር
ረቡዕ፦ የፆም በያይነቱ
ሐሙስ፦ የበሬ አልጫ ወጥ
ዓርብ፦ ተጋቢኖ ሽሮ፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ቀይ ሥር
ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ። ሳምንቱን ሙሉ 900 ብር።
ለአንድ ቀን ብቻ፦ የፆም 170 ብር፣ የፍስክ 240 ብር።
የሚቀጥለው ሳምንት ትዕዛዝ ሐሙስ በ11 ሰዓት ይዘጋል፤ ክፍያ በቅድሚያ።
ምሳው 6 ሰዓት ከሩብ ይደርሳል፤ ዓርብ 5 ሰዓት ከሩብ።

የምግቡን ዝርዝር በመጀመሪያ የሚወስነው የፆም ቀን ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይበሉ የሥጋ ቀን ሆነው የሚቀሩት ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። በዚህ ማስታወቂያ ሰኞ በምስር ስለተያዘ ሥጋ የሚቀርበው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሥጋው የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም እርድ ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ከደንበኞቹ አንዱ ወገን ማዘዝ አይችልም። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ወገን ማገልገል የሚፈልጉ ምሳ አቅራቢዎች ለየብቻ አብስለው በተለያየ ዕቃ ያቀርባሉ፤ አለዚያም የማን እርድ እንደሆነ ገልጸው ይጽፋሉ።

ትዕዛዙ ሐሙስ ማታ የሚዘጋው በእንጀራው ምክንያት ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት አለበት። ከዚያም አብሲት ተጥሎለት ይጋገራል። ለሰኞ የሚሆነው ሊጥ ዓርብ ይቦካል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላም ይጋገራል። ሃያ ደንበኛ በቀን 40 እንጀራ ስለሚያስፈልገው የእሑዱ ጋገራ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚበቃ 120 እንጀራ ነው። ረቡዕ ማታ ደግሞ ለሐሙስና ለዓርብ 80 እንጀራ ይጋገራል። የእሑዱን እንጀራ እስከ ዓርብ ማቆየት ዳሩን ያደርቀዋል፣ ካልነፈሰበትም ይሻግታል። ሰኞ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ አምስት ጨምሪልኝ» የሚል ደንበኛ ይህን እንጀራ ከየትም ሊያገኝ አይችልም፤ ወይ ከሱቅ ይገዛለታል፣ ወይ ከሌሎቹ ድርሻ ይቀነሳል።

ከማስታወቂያው ሁሉ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ዋጋው ነው። ስሌቱን ለማሳየት ያህል አንድ እንጀራ 25 ብር ያስወጣል እንበል። ሁለት እንጀራ 50 ብር ሆነ። የፆሙ ወጥ ለአንድ ሰው 35 ብር፣ የሥጋው 95 ብር ቢፈጅ የአንድ የፆም ምሳ 85፣ የአንድ የሥጋ ምሳ 145 ብር ይፈጃል። ለአድራሹ ልጅ፣ ለመብራትና ለጋዝ እንዲሁም ለዕቃ ማጠቢያ በሳምንት 3,100 ብር ይወጣል። ይህ ለሃያ ሰው በአምስት ቀን ለሚወጣው መቶ ምሳ ሲካፈል ለአንዱ 31 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የፆሙ ምሳ 116፣ የሥጋው 176 ብር ያስወጣል ማለት ነው።

ሳምንታዊው 900 ብር ለአምስት ሲካፈል 180 ይመጣል። ስለዚህ ከአንድ የሥጋ ምሳ የሚተርፈው 4 ብር ብቻ ሲሆን ከአንድ የፆም ምሳ ግን 64 ብር ይተርፋል። የሥጋውን ቀን ዋጋ የሚሸከመው ምስርና ሽሮ ነው። ሁሉም ቀን በተናጠል በ180 ብር ቢሸጥ ኖሮ ደንበኛው ማክሰኞና ሐሙስን መርጦ ሌላውን ቀን ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ያኔ ለአብሳይዋ ከአንድ ምሳ የሚቀራት ቢበዛ 4 ብር ነው። የአንድ ቀን ዋጋ በሁለት የተከፈለው ለዚህ ነው። አምስቱን ቀን በተናጠል የሚገዛ ሰው 990 ብር ስለሚከፍል ሳምንቱን ሙሉ ያዘዘው 90 ብር ይቆጥባል።

ሃያው ደንበኛ ሁሉ ሲከፍል ገቢው 18,000፣ ወጪው 14,000 ነው፤ 4,000 ብር ይተርፋል። ቅዳሜ ገበያው ከተወጣ በኋላ ሦስት ሰው ቢቀር ግን ገቢው በ2,700 ብር ይቀንሳል። ሽንኩርቱም ሥጋውም ተገዝቷል፣ ሊጡም ቦክቷል፣ የልጁም ደሞዝ አይቀነስም። በእጅ የሚቀረው 1,300 ብር ብቻ ይሆናል። «ክፍያ በቅድሚያ» የሚለው ቃል ከዚህ ይመጣል። መቅረት ለሚፈልግ ደንበኛ ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ቀኑን ወደሚቀጥለው ሳምንት ማዛወር ይሻላል።

የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ በዘልማድ የተጻፈ አይደለም። የመንግሥት ቢሮዎች ከሰኞ እስከ ሐሙስ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ሲወጡ ዓርብ ግን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ። ይህን ያላስተዋለ አቅራቢ ዓርብ ሲደርስ ቢሮው ተዘግቶ ያገኛል። ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ትኩስ እንደሆነ መድረስ አለበት፤ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ መቆየት የለበትም። «በአቅራቢያ» የሚባለው ርቀትም በዚሁ ይወሰናል። በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ሰፈር ይበቃል፤ ሊፍት መጠበቅና ከጥበቃ ጋር መነጋገር የመንገዱን ያህል ጊዜ ይወስዳሉና። ከየቢሮው አንድ ሰው ወርዶ የሁሉንም ቢቀበል ግን ይህ ጊዜ ይተርፋል።

ወጡና እንጀራው በአንድ ዕቃ ከተደረጉ እንጀራው መንገድ ላይ ይርሳል። ሰላጣ ከትኩስ ወጥ አጠገብ ከተዘጋበት ደግሞ በእንፋሎቱ ይጠወልጋል። ስለዚህ ወጡ በሚገጠም ምሳ ዕቃ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ ለብቻው፣ ሰላጣውም ለብቻው ይሄዳል። አድራሹ የዛሬውን ሰጥቶ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ስለሚቀበል ለሃያ ደንበኛ አርባ ምሳ ዕቃ ያስፈልጋል። አንዱ ከጠፋ የሚቀጥለው ቀን ድልድል ይናጋል፤ አንዳንዶች መያዣ የሚያስከፍሉት ለዚህ ነው።

ይህ ማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ እንዳለ አይሠራም። በዐቢይ ጾም አምስቱም ቀን የፆም ምግብ ስለሚሆን ዝርዝሩም ዋጋውም ይለወጣል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚፆሙ ደንበኞች ካሉም ምሳው በሰዓታቸው እንዲደርስ ወይም እንዲቋረጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይፆምም፤ ደንበኞች በእነዚያም ቀናት ሥጋ ስለሚጠብቁ ዝርዝሩ እንደገና ይጻፋል፣ ከ900 ብሩ የሚተርፈውም ይቀንሳል። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ደንበኞች ምሳ ስለማያዙ የሊጡ መጠን በእነሱ ቁጥር ይቀነሳል።