አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ሲቆጠር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ባለቤቷ የበዓል ቅናሽ ስታወጣ ለደንበኞቿ የምታሳውቀው በሜይልችምፕ በኩል ኢሜይል እየላከች ነው። የወሩ ሂሳብ የሚወሰነው በዋናነት በመዝገቡ ባሉት አድራሻዎች ብዛት ነው፤ እርከኖቹም 500፣ 1,500፣ 2,500፣ 5,000 እያሉ ይወጣሉ።

ሱቋ ሦስት የተለያዩ መዝገቦች አሏት። መደርደሪያው ላይ ባለው ደብተር የተመዘገቡ 1,100፣ በድረ ገጿ ያዘዙ 1,000፣ በበዓል ባዛር ስማቸውን የሰጡ 700። ድምሩ 2,800 ስለሆነ የምትከፍለው የ5,000ውን እርከን ነው። ሰዎቹ ግን 1,800 ብቻ ናቸው። ሜይልችምፕ ድግግሞሽን የሚከላከለው በአንድ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ያው አድራሻ በሦስት መዝገብ ከገባ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። እንደ ሜይለርላይት ባሉ ሌሎች አገልግሎቶች አንድ አድራሻ በስንትም ቡድን ቢገባ የሚቆጠረው አንዴ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት የአቆጣጠሩን ደንብ ማንበብ ይሻላል።

ከ1,800ዎቹ መካከል 350ዎቹ «አትላኩልኝ» ብለው ወጥተዋል። ለእነዚህ ምንም አይላክም፤ ሆኖም Unsubscribed ተብለው መዝገቡ ውስጥ እስከተቀመጡ ድረስ ይከፈልባቸዋል። አድራሻው የማይሠራ ሆኖ መልእክቱ የተመለሰበት ሰው ግን ከቁጥሩ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚገረመው እዚህ ላይ ነው፤ በእኔም ግምት ከደንቦቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው።

መፍትሔው ሦስቱን መዝገቦች ወደ አንድ ማምጣትና ደብተር፣ ድረ ገጽ፣ ባዛር የሚለውን ልዩነት በTag ምልክት ማድረግ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚሁ ነው። ሰው የሚወጣው ከአንድ መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ከባዛሩ የወጣ ደንበኛ በደብተሩ መዝገብ አሁንም ተቀባይ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ወደ ፋይል ሲወርድ ተቀባዮችና የወጡት በየራሳቸው ፋይል ይመጣሉ፤ ቸኩሎ ሁሉንም ቀላቅሎ እንደ ተቀባይ መልሶ መጫን እንቢ ላለ ሰው መልእክት መላክ ነው። የአሜሪካው የ2003 ሕግ ደግሞ የመውጣት ጥያቄ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል። ስለዚህ አስቀድሞ የሦስቱን መዝገቦች የወጡ ሰዎች በአንድ ዝርዝር መሰብሰብ፣ ከዚያም እነርሱን ከተቀባዮች ፋይል ማውጣት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ 350ዎቹን Archive ማድረግ ነው። ይህ ከሂሳቡ ያወጣቸዋል፤ መረጃቸው ግን አይጠፋም። ጨርሶ መሰረዝ ጥሩ አይደለም፤ ማን እንደወጣ የሚያስታውሰው መረጃ አብሮ ይሄዳልና። የቀረው 1,450 ሲሆን ሱቋ ወደ 1,500ው እርከን ትወርዳለች። ይህ ግን በራሱ አይሆንም፤ ቁጥሩ ቢቀንስም ዕቅዱ እንደነበረው ይቀጥላል፤ ባለቤቷ ወደ ሂሳብ ገጹ ገብታ ዝቅተኛውን እርከን ራሷ መምረጥ አለባት።