ተመራቂ ነርሶች ታካሚዎቻቸውን እንዴት ያመስግኑ?

በነርሲንግ ምረቃ ላይ የተመራቂዎች ተወካይ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ አምስት ደቂቃ ከተፈቀደለት ብዙ ነው። ከዚያ ላይ የክብር እንግዳውን፣ ዲኑን፣ መምህራኑንና ወላጆችን እንደየማዕረጋቸው ጠርቶ ሰላምታ ማቅረብ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በቀሪው ጊዜ ሦስት ወገኖች ይመሰገናሉ፤ ያስተማሩት፣ ያሳደጉትና ለተማሪ እጅ ክንዳቸውን የዘረጉት ታካሚዎች። የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ ሁለቱን አመስግኖ ከመድረክ ይወርዳል። ነርስ ግን ሦስተኛው ወገን አለበት፤ ያም ወገን አዳራሹ ውስጥ የለም፣ የጥሪ ካርድ አልደረሰውም፣ ስሙም ሊጠራ አይችልም።

የመምህራኑ ምስጋና ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አዘውትሮ የሚረሳ ሰው አለበት። ነርስ የሚማረው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የመማሪያ ክፍሉና በአሻንጉሊት ክንድ ላይ መርፌ የሚለማመድበት የማሳያ ክፍል ነው፤ እዚህ የሚያስተምሩት ሰዎች በምረቃው ዕለት ጋዋን ለብሰው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ሆስፒታሉ ነው። እዚያ ተማሪውን ከአጠገቧ አቁማ የምታሳየው፣ ሲሠራ የምታየውና የልምምድ መዝገቡ ላይ የምትፈርምለት የዋርዱ ነርስ ናት። ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍያ ላታገኝ ትችላለች፤ በምረቃው ዕለትም ምናልባት ተረኛ ናት። «መምህራኖቻችንን እናመሰግናለን» የሚለው ጥቅል ዐረፍተ ነገር እሷን አይነካም። «በአዳር ተረኝነታችሁ ላይ እኛን የጨመራችሁ የዋርድ ነርሶች» ቢባል ግን ማን እንደተመሰገነ ይታወቃል።

የቤተሰቡ ክፍል ለማልቀስ ቅርብ ስለሆነ በቶሎ ይረዝማል። ተወካዩ የራሱን እናት ታሪክ ከተረከ የሌሎቹ ወላጆች እንግዳ ይሆናሉ። ስለዚህ የሚሻለው ብዙዎቹን የሚያገናኝ ነገር መምረጥ ነው፤ ለቤት ኪራይና ለመጓጓዣ የተላከው ገንዘብ፣ ታናናሾችን ለማስተማር ዐረብ አገር የሄደች እህት፣ ከአዳር ተመልሶ የሚተኛ ልጅ እንዳይነቃ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው ቤት። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ታካሚዎቹ ምን እንዳስተማሩ ለመናገር ከሙያው ውስጥ ያለ ምሳሌ ያስፈልጋል። አንዱ የትንፋሽ ቆጠራ ነው። መጽሐፉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፈስ ቁጠር ይላል። ታካሚው እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ ግን አተነፋፈሱ ይለወጣል። ስለዚህ ነርሱ የእጁን የደም ምት እንደሚቆጥር መስሎ አንጓውን እንደያዘ ዓይኑን ወደ ደረቱ ያዞራል። ይህንን መምህሩ ይነግራል፤ ተማሪው የሚያምነው ግን በሕያው ሰው ላይ ሲያየው ነው። የአሻንጉሊቱ ደረት አይደነግጥም።

ሌላው የደም ሥር ፍለጋ ነው። ካኑላ የሚያስገባ ተማሪ ክንዱን አስሮ፣ ዳስሶ፣ አጽድቶ ይወጋል፤ ሥሩም ያመልጠዋል። በተደጋጋሚ የታከመ ሰው ግን የትኛው ሥሩ እንደሚሠራ ከተማሪው ይልቅ ያውቃል። «ልጄ፣ በዚህኛው አትድከሚ፤ በግራው በኩል ትገኛለች» የሚሉ እናት የሚያስተምሩት የሥሩን ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከመውጋት በፊት መጠየቅ እንደሚገባ ነው። በሠለጠነ አሠራር አንድ ሰው ሁለቴ ሞክሮ ካልተሳካለት ለሌላ ልምድ ላለው ሰው ይለቃል። ሁለተኛዋ መርፌ ግን አስቀድማ ሥጋ ነክታለች። ጥሩ ንግግር ይህንን አይደብቅም፤ ከምስጋናው ጋር አጭር ይቅርታ ያስገባል።

እዚህ ላይ በብዙ ንግግሮች የሚገባ ስህተት አለ። «እናንተ ባትታመሙ እኛ ባልተማርን» የሚል ሐሳብ በተለያየ ቃል ይመጣል። ሰው መታመሙን ለማንም ውለታ ብሎ አላደረገውም። የሚመሰገነው ፈቃዱ ነው፤ ልምድ ያለው ነርስ እያለ ተማሪ እንዲነካው እሺ ማለቱ። ያም ቢሆን ሁሉም በሙሉ ልቡ እሺ አላለም፤ አንዳንዱ እንቢ ማለት እንደሚችል አልተነገረውም። ይህንን የተረዳ ተወካይ ስለ ታካሚዎች ለጋስነት ሲናገር ይጠነቀቃል። ከአልጋው ግርጌ መሬት ላይ አንጥፈው የሚያድሩትን አስታማሚዎችም አይረሳም፤ ማጉረሱን፣ ማገላበጡንና ማጠቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እነሱ ናቸውና።

ሁለተኛው ስህተት ምስጢር ማውጣት ነው። በብዙ ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ተመራቂዎች ሻማ አብርተው በናይቲንጌል ስም የሚጠራውን ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ቃሉን የጻፈችው ናይቲንጌል ራሷ አይደለችም፤ በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ በሊስትራ ግሬተር የተመራ ኮሚቴ ያዘጋጀው ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ በሥራ ላይ የታወቀውን የታካሚና የቤተሰቡን ጉዳይ በምስጢር መጠበቅን ያስምላል። በዚያው መድረክ ላይ የአንድ ሰው ሕመም ተተርኮ ከሆነ መሐላው ከመጀመሩ ፈርሷል።

ስም አለመጥራት ብቻውን አይበቃም። አንድ ረቂቅ እንዲህ ይላል እንበል፦ «በሦስተኛ ዓመት በልምምድ ላይ ሳለን፣ በውስጥ ደዌ ዋርድ በር አጠገብ የተኙ፣ ኩላሊታቸውን የሚታመሙ የገበያ ነጋዴ እናት ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ይመርቁን ነበር፤ በፋሲካ ዋዜማ አረፉ።» ስም የለበትም። ነገር ግን በአነስተኛ ከተማ ውስጥ ዋርዱ አንድ ነው፣ በር አጠገብ ያለው አልጋ አንድ ነው፣ በዚያ ዋዜማ ያረፈችውንም ነጋዴ ገበያው ሁሉ ያውቃታል። አዳራሹ ውስጥ ልጇ የሌላ ተመራቂ አጎት ሆኖ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስልኮች ሁሉ ይቀርጻሉ፤ ማታ ንግግሩ ቲክቶክ ላይ ነው።

ረቂቁ ሲታረም ዋርዱ፣ አልጋው፣ በሽታው፣ ሥራቸው፣ ዓመቱና ዕለቱ ይወጣሉ። ሞታቸውም ይወጣል፤ ያስተማሩት በመሞታቸው አልነበረም፣ አዳራሹን ለማስለቀስ ብቻ የገባ ነው። የሚቀረው «መርፌ ልንወጋ ስንቀርብ አስቀድመው የመረቁን እናቶች ነበሩ፤ እጃችን የተረጋጋው በእነሱ ምርቃት ነው» የሚል ነው። አንዷ እናት «እናቶች» ሆነዋል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አልጎደለም። ተወካዩ የግድ አንድ ታካሚን ለይቶ መጥቀስ ከፈለገ ፈቃዳቸውን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ብሎ ስልካቸውን ከካርድ ክፍል ማውጣት ግን አይፈቀድም፤ የሕክምና ካርድ ለሕክምና እንጂ ለምረቃ ንግግር አልተከፈተም።

ንግግሩ ከመነበቡ በፊት ልምምዱ በተካሄደበት ዋርድ ለምትሠራ ነርስ ማሳየት ጥሩ መፈተኛ ነው። አንብባ ስታበቃ «እኚህን አወቅኋቸው» ካለች ያ አንቀጽ መውጣት አለበት።