ማክሰኞ በስንት ሰዓት? በማን ሰዓት?

ውጭ አገር ያለ ድርጅት ሲቪዎን ወዶት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርስዎት አጭር ኢሜይል ነው፦ «በሚቀጥለው ሳምንት ለግማሽ ሰዓት በስልክ ብንነጋገር መቼ ይመችዎታል?» ላኪው የድርጅቱ ሪክሩተር ነው። ይህ ዋናው ቃለ መጠይቅ ሳይሆን የማጣሪያ ጥሪ ነው። የሚጠየቀውም የሚፈልጉት ደመወዝ፣ ሥራ የሚጀምሩበት ጊዜና የልምድዎ ጠቅላላ ሁኔታ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለዚህ ኢሜይል መልስ የሚጽፍ ሰው ግን ሁለት የሰዓት ስሌቶችን አንድ ላይ መሥራት አለበት፤ አንዱን ከረሳ ስልኩ የሚጮኸው ባልጠበቀው ሰዓት ነው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ፤ ሄለን እንበላት። ኢሜይሉ ከኒው ዮርክ የደረሳት ሐሙስ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2026 ነው። ማክሰኞ ከሥራ ወጥታ ቤት ስትደርስ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። «12:30» ብላ ብትጽፍ ሪክሩተሯ የምትረዳው ከእኩለ ቀን በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት፣ ማለትም የእኛን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሀበሻውን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት መቀየር ነው፤ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል 6:30 PM ይሆናል።

ሁለተኛው ስሌት የአገሮቹ የሰዓት ልዩነት ነው። የኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ አይለወጥም። ኒው ዮርክ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ትቀይራለች፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ አንድ ሰዓት ወደኋላ። ልዩነታችን በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። በ2026 ደግሞ የኖቬምበሩ ለውጥ የሚውለው እሑድ ኖቬምበር 1 ነው፤ ኢሜይሉ በደረሰበት ሐሙስና በቀጠሮው ማክሰኞ መካከል። ሄለን ኢሜይሉን ያነበበችበትን ቀን ልዩነት ይዛ 6:30 PM ኒው ዮርክ ላይ 11:30 AM ነው ብትል አንድ ሰዓት ትስታለች፤ ማክሰኞ ዕለት ትክክለኛው 10:30 AM ነው። ልዩነቱ መታየት ያለበት ኢሜይል በሚጻፍበት ቀን ሳይሆን ጥሪው በሚደረግበት ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ክፍት ሰዓቶችን መምረጥ ነው። «በማንኛውም ጊዜ ይመቸኛል» ትሕትና ቢመስልም ለሪክሩተሯ አይጠቅማትም፤ ሰዓት የመምረጡን ሥራ መልሶ እሷ ላይ ይጥላል፣ ሌላ ኢሜይልም ያስጽፋል። አንድ ሰዓት ብቻ መስጠትም አይበቃም፤ እሷ ያን ሰዓት ተይዛ ከሆነ ከዜሮ ይጀመራል። የሚሻለው በተለያዩ ቀናት ሦስት ክፍተቶችን፣ እያንዳንዱን ሁለት ሰዓት ያህል አድርጎ መስጠት ነው፤ ግማሽ ሰዓቷን ከዚያ ውስጥ ትመርጣለች። በክረምት የኒው ዮርክ ቢሮ የሚከፈትበት 9:00 AM ለእኛ 11 ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱን ወገን የሚያስማማው ከዚያ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። የሄለን መልስ ዋና ክፍል እንዲህ ይሆናል፦

```
Tue, Nov 3: 6:30-8:30 PM Addis Ababa = 10:30 AM-12:30 PM New York
Wed, Nov 4: 5:00-7:00 PM Addis Ababa = 9:00-11:00 AM New York
Fri, Nov 6: 7:00-9:00 PM Addis Ababa = 11:00 AM-1:00 PM New York
```

የከተማ ስም የተጻፈው በምክንያት ነው። ብዙ አሜሪካውያን EST የሚለውን ምህፃረ ቃል በበጋም በክረምትም ይጠቀሙበታል፤ በትክክል የሚያመለክተው ግን የክረምቱን ሰዓት ብቻ ነው። «New York» ሲባል እንዲህ ያለ ብዥታ የለም።

ምሽቱ ከመሸ ደግሞ ቀኑንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት» የምንለው በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ 1:00 AM ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ከመስጠት መተው ይሻላል፤ ግዴታ ከሆነ የረቡዕን ቀን መጻፍ ነው።

ከሰዓቶቹ በታች ስልክ ቁጥሩ ይገባል፤ የመጀመሪያው ዜሮ ወጥቶ በ+251 ይጀምራል። ደዋይዋ እሷ መሆኗን መጠየቅም ተገቢ ነው። መልሱ እስኪመጣ ሦስቱም ክፍተቶች ለሌላ ጉዳይ አይሰጡም። ሪክሩተሯ የካላንደር ግብዣ ስትልክ ሰዓቱ ሄለን ስልክ ላይ በራሱ ወደ አዲስ አበባ ተቀይሮ ይታያል፤ ስልኩ የሌላ አገር ሰዓት ላይ ተሞልቶ ከሆነ ግን ያንኑ የሌላ አገር ሰዓት ያሳያል። ግብዣው ከላከችው ሦስት ክፍተቶች ከአንዱም ውስጥ ካልወደቀ፣ ከመቀበሏ በፊት በአንድ መስመር መጠየቅ አለባት።