በሰኔ 30 መደርደሪያ ላይ የቀረው ዘይት ስንት ብር ነው?

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ቸርቻሪ ሱቅ ውስጥ ባለ 5 ሊትር 50 ጄሪካን ዘይት ቀርቷል እንበል። ዘይቱ የተገዛው በተለያየ ዋጋ ነው፤ ጄሪካኖቹ ግን ተደባልቀው ተደርድረዋል፤ የትኛው በስንት እንደገባ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ታዲያ የቀረው በስንት ይመዝገብ?

ደረሰኞቹን እንይ። ካለፈው ዓመት የተሻገረው 20 ጄሪካን ሲሆን ዋጋው 800 ብር ነበር፤ 16,000 ብር። ቀጥሎ 130 ጄሪካን በ975 ብር ተገዛ። ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 3,250 ብር ተከፍሏል፤ ዕቃውን ሱቅ ለማድረስ የወጣ ስለሆነ ይህም የዘይቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር፣ ድምሩ 130,000 ብር ይሆናል። በመጨረሻ ዋጋው ጨምሮ 50 ጄሪካን በ1,080 ብር ገባ፤ 54,000 ብር። በጠቅላላው 200 ጄሪካን፣ 200,000 ብር። አማካዩ 1,000 ብር ነው፤ የቀረው 50 ጄሪካን 50,000 ብር፣ የተሸጠው 150 ደግሞ 150,000 ብር ወጪ ይያዝለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስቱን ዋጋዎች ደምሮ ለሦስት በማካፈል ነው። ያ 960 ብር ይሰጣል፤ ሃያውንና መቶ ሠላሳውን እኩል ስለሚያይ። ሌላው ደግሞ የቀረውን ሁሉ በመጨረሻው ደረሰኝ ዋጋ ያሰላል፦ 54,000 ብር። በእኔ እምነት የከፋው ይኼ ነው። የቀሪው ዕቃ ዋጋ በ4,000 ብር ሲያብጥ የተሸጠው ዕቃ ወጪ በዚያው መጠን ያንሳል፤ ነጋዴው ያላገኘው 4,000 ብር ትርፍ ተመዝግቦበት ግብር ይከፍልበታል።

ቫትም በጥንቃቄ ይታይ። ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ በግዢ ላይ የከፈለውን 15 በመቶ ከሰበሰበው ቫት ላይ የሚያቀናንስ ከሆነ የዕቃው ዋጋ ውስጥ አያስገባውም፤ ያልተመዘገበ ግን ተመላሽ ስለሌለው ያስገባዋል።

ስሌቱ መሳቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። አማካዩ ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው የግዢ ዋጋ ውጭ ከወጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ደረሰኝ በካርቶን፣ ሌላው በጄሪካን ተቆጥሮ ነው። የተሸጠውና የቀረው ሲደመርም 200,000 ብር መሙላት አለበት።

ቆጠራው 47 ብቻ ቢያሳይስ? ቀሪው 47,000 ብር ይሆናል። የጎደለው የሦስቱ 3,000 ብር ከሽያጭ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው እንደ ጉድለት ይመዝገብ። የገበያው ዋጋ ወርዶ ዘይቱ ከ1,000 ብር በታች ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አማካዩን ትቶ ከማሻሻጫ ወጪ በኋላ በሚያስገኘው ዋጋ መዝግቡ ይላል።