የማሽኑ ቀረጥና ታክስ በምን ቅደም ተከተል ይሰላል?

አንድ ነጋዴ ዋጋው፣ መድኅኑና ማጓጓዣው ተደምሮ 1,000,000 ብር የሚያወጣ ማሽን አስመጣ እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን 100,000 ብር ይከፍላል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረበት 1,100,000 ብር ላይ ስለሆነ 165,000 ብር ይመጣል። 10 በመቶ ሱር ታክሱ ደግሞ እስካሁን የተደመረውን ሁሉ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ጭምር ይዞ ከ1,265,000 ብር ላይ 126,500 ብር ይሆናል። (ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከቀረጡ ቀጥሎ ይገባል።)

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሱር ታክሱን አስቀድመው ቢያሰሉት 110,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 181,500 ብር ይሆንና የሁለቱ ድምር ያው 291,500 ብር ይመጣል። ድምሩ ስለገጠመ ስህተቱ አይታይም። ይሁን እንጂ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ድርጅት የሚያቀናንሰው ተጨማሪ እሴት ታክሱን ብቻ ነው፤ ሱር ታክሱ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የማሽኑ ወጪ በ16,500 ብር አንሶ ይመዘገባል።

3 በመቶ ቅድመ ግብሩ ግን ወደ መጀመሪያው 1,000,000 ብር ተመልሶ 30,000 ብር ይሆናል። ይህ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ላይ ስለሚቀናነስ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ማሽኑ የካፒታል ዕቃ መሆኑን ያጣሩ፤ በሱር ታክስ ደንቡ የካፒታል ዕቃ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው።