የእጅጌ ነገር፤ ስለ ወጥ ቤት አለቃ፣ ስለ ነርስና ስለ አውሮፕላን ነጂ የደንብ ልብስ

የደንብ ልብስ ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ለባሹን ከሥራው ጉዳት መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥልጣኑን ለተመልካች ማስታወቅ ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይጋጫሉ። ይህ ከሁሉ ይልቅ በእጅጌ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ የሦስት ሙያዎችን እጅጌ ብናነጻጽር ነገሩ ይገለጥልናል።

በአውሮፓ ሥርዓት የሚለብሰው የወጥ ቤት አለቃ እጅጌ ረጅም ነው፤ ክንዱን ከእንፋሎትና ከሚፈናጠር ዘይት ይሸፍንለታል። ጨርቁ ወፍራም ጥጥ ነው፤ ናይሎን በሙቀት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃልና። የደረቱ ጨርቅ ድርብ ስለ ሆነ ሙቀትን ያዘገያል፤ ደግሞም የላዩ ሲቆሽሽ ተገልብጦ ይቈለፋል፤ አለቃውም በእንግዶች ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል። እዚህ ላይ መከላከያውና ክብሩ አንድ ናቸው።

የነርስ እጅጌ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ነርሷ ስትሠራ እጅጌዋን ትጠቀልል ነበር፤ ከዋናዋ አለቃ ወይም ከሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን በስታርች የደረቀ ነጭ ክፈፍ ከእጅጌዋ ጫፍ ላይ ታደርግ ነበር። ክፈፉ ለሥራ አይረዳም፤ የሚያሳየው ሥርዓትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ክፍል፣ በሽተኛን የሚዳስስ ሰው ሁሉ ከክርኑ በታች ባዶ እንዲሆን መመሪያ አወጣ። ምክንያቱም እጅጌ በሽታን ያስተላልፋል የሚለው በቂ ማስረጃ ስለ ተገኘለት አልነበረም፤ እጅንና የእጅ አንጓን በሚገባ ለመታጠብ እንዲመች ነው። ደንቡ የሐኪሙን ረጅም ነጭ ካፖርትም ስለ ነካ፣ የሐኪሙ የክብር ምልክት ለሥራው ሲባል ቀረ።

የአውሮፕላን ነጂ እጅጌ መልእክት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ነጂዎች ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ብርድን ለመከላከል የቆዳ ጃኬት ይለብሱ ነበር። ፓን አሜሪካን የተባለው ኩባንያ በ1930ዎቹ በውሃ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች መንገደኞችን ባሕር ሲያሻግር፣ ነጂዎቹን እንደ መርከብ መኰንኖች ጥቁር ሰማያዊ አለበሳቸው። መንገደኛው በመርከብ አዛዥ ላይ የነበረውን እምነት ወደ አየር ለማዛወር ነበር። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ በእጅጌ ላይ አራት ጥብጣብ ለካፒቴኑ፣ ሦስት ለረዳቱ የሚሆነው ከዚሁ የባሕር ልማድ የመጣ ነው። ነገር ግን ነጂው ሲሠራ ኮቱን ያወልቃል፤ ስለዚህ ጥብጣቦቹ በሸሚዙ ትከሻ ላይ ይደገማሉ።

እንግዲህ ሦስቱ አንድ ሥርዓት ያሳያሉ። ምልክቱ ሥራን ካላሰናከለ ይጸናል፤ ካሰናከለ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ይዛወራል፤ ያለዚያም ይቀራል። ስለዚህ የደንብ ልብስን የሚመረምር ተማሪ ልብሱን በመስቀያ ላይ ብቻ አይመልከት፤ ሥራ ሲጀመር ምን እንደሚጠቀለል፣ ምን እንደሚገለበጥ፣ ምን እንደሚወልቅ ይመዝግብ። ለሥራው የተሰፋውና ለተመልካች የተሰፋው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።