ቁጥሩ ለምን ቀላ?

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቷን የምትከፍት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ለቤት የሚያደርስ ድርጅት አለ እንበል። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው የለም፤ ሲስተሙ ሌሊቱን ራሱ አስልቶ የላከው ነው። «አማካይ የማድረሻ ጊዜ፦ 46 ደቂቃ» ይላል። ባለፈው ሳምንት 40 ነበር። ስልክ አንስታ የሞተረኞቹን አስተባባሪ ብትቆጣ ማንም አይፈርድባትም፤ ግን ትሳሳታለች።

46 ደቂቃው ሜትሪክ ነው፦ የሚደመር፣ የሚቆጠር ወይም አማካዩ የሚወሰድ መጠን። የቀኑ ሽያጭና የተሰረዙ ትዕዛዞች ብዛትም ሜትሪክ ናቸው። የትኛው ሰፈር? የትኛው ቀን? የትኛው ሞተረኛ? ብሎ መጠኑን የሚከፋፍለው ደግሞ ዳይሜንሽን ይባላል። አሃዝ የሆነ ሁሉ ሜትሪክ እንዳይመስላት ብቻ ትጠንቀቅ። የትዕዛዝ ቁጥር አሃዝ ቢሆንም ዳይሜንሽን ነው፤ ሁለት የትዕዛዝ ቁጥሮች ቢደመሩ ምንም ትርጉም አይሰጡም።

አሁን ያንኑ 46 ደቂቃ በሰፈር ትክፈለው። ማብሰያው ቦሌ ነው፤ ሩቁ ሰፈር አያት ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ቦሌ የሄዱት 600 ትዕዛዞች በአማካይ 30 ደቂቃ፣ ወደ አያት የሄዱት 300 ደግሞ 60 ደቂቃ ፈጅተዋል። በዚህ ሳምንት ቦሌ 28፣ አያት 58 ሆኗል። ሁለቱም ጋ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተቀንሷል! ታዲያ ጠቅላላው እንዴት በስድስት ደቂቃ ባሰ?

መልሱ ያለው በትዕዛዙ ብዛት ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ከ1000 ትዕዛዞች ወደ ቦሌ የሄዱት 400 ብቻ ናቸው፤ 600ዎቹ ወደ አያት ሄደዋል። ሞተረኞቹ ፈጥነዋል፣ ደንበኛው ግን ርቋል። አስተባባሪው ቁጣ ሳይሆን ምስጋና ይገባው ነበር፤ ሥራ አስኪያጇም ማሰብ የሚኖርባት አያት አካባቢ ሁለተኛ ማብሰያ ስለመክፈት ነው። እግረ መንገድ፣ 28ን እና 58ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 43 ይሰጣል፤ ይህ ስሕተት ነው። የአማካዮች አማካይ የየሰፈሩን ብዛት ስለሚረሳ፣ ሪፖርቱ ላይ ካለው 46 ጋር በፍጹም አይገጥምም።

ኬፒአይ ከሜትሪክ የሚለየው ድርጅቱ ዓላማዬ ብሎ የመረጠው በመሆኑ ነው። ግብ፣ የጊዜ ገደብና ተጠያቂ ይኖረዋል። ሪፖርቱ ላይ ሃምሳ ሜትሪክ ሊደረደር ይችላል፤ ኬፒአይ ተብለው የሚያዙት ግን ጥቂት ናቸው፣ ጥቂትም መሆን አለባቸው። «የቦሌ ትዕዛዝ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ በአማካይ ከ25 ደቂቃ እንዳይበልጥ፤ ኃላፊው የቦሌ አስተባባሪ» ቢባል ኬፒአይ ሆነ። እዚህ ላይ አገርኛ ጣጣ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ሪፖርቱ በፈረንጅ ወር የሚቆጥር ከሆነ የሰባት ቀን ሥራ ወደማይገባው ዓመት ይገባል።

ግብ ደግሞ ሰውን ይለውጣል። የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ አንድ ደንበኛ ስምንት የባንኩን አገልግሎቶች እንዲይዝ ግብ አስቀምጦ ነበር። ሠራተኞቹ ግቡ ላይ ለመድረስ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ ከፈቱ። በ2016 ተቆጣጣሪዎች ባንኩን 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጡት ወደ 5,300 የሚጠጉ ሠራተኞች በዚሁ ጉዳይ ተባረው ነበር፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ስተምፍም በዚያው ዓመት ከኃላፊነት ለቀቁ። ሪፖርቱ ላይ የሚያድገው የሒሳብ ብዛት ብቻውን ሲታይ ግን ባንኩ የሰመረለት ይመስል ነበር።

የማድረሻ ጊዜም እንዲሁ ይታለላል፦ ሞተረኛው ገና መንገድ ላይ ሳለ «ደርሷል» የሚለውን ይጫናል። ይህን አማካዩ አያሳይም። ትዕዛዞቹ በሞተረኛ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሲታይ ግን ይጋለጣል፤ የአንዱ ሞተረኛ 23 እና 24 ላይ ተከምረው ከ25 በላይ ምንም ከሌለ ያጠራጥራል። ያኔ የዚያን ሞተረኛ ትዕዛዞች «አልደረሰልኝም» ብለው ከደወሉ ደንበኞች መዝገብ ጋር በትዕዛዝ ቁጥር ማስተያየት ነው። የተደወለበት ሰዓት «ደርሷል» ከተባለበት በኋላ ከሆነ፣ ቁልፉ ቀድሞ ተጭኗል ማለት ነው።